መጀመሪያ ክርኗን እይ

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። አዲስ አበባ መጥቼ አምባሳደር አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ከተቀጠርኩ አራት ወሬ ነው። ባለፈው ሰሞን ሥራ አስኪያጃችን ከወር ፈቃድ ስትመለስ ሴቶቹ ተራ በተራ ሳሟት። የእኔ ተራ ሲደርስ እሷ እጇን ዘረጋች፣ እኔ ግን ጉንጬን ይዤ ገባሁ። አፌ መነጽሯ ላይ አረፈ። ቢሮው በሳቅ ሞተ። ከዚያ በፊት ደግሞ አንዲት ሙስሊም ባልደረባዬን ልጨብጥ እጄን ብዘረጋ፣ እሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ ብላ አለፈችኝ። አሁን የባሰው መጣ። የፊታችን እሑድ እጮኛዬ አራት ኪሎ ወላጆቿ ቤት ልትወስደኝ ነው። አያቷም፣ የንስሐ አባታቸውም ይኖራሉ። ማንን ልጨብጥ? ማንን ልሳም? ለማን ጎንበስ ልበል? ግራ ገብቶኛል። ተ.»

ልጄ ተ.፣

መነጽሩ ካልተሰበረ ብዙ አትጨነቅ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከ20 ዓመት በላይ መሀል ከተማ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ቁልፍ መስጠት ይመስላል እንጂ እውነቱን ለመናገር ቀኑን ሙሉ የምሠራው ሰላምታ ነበር። አንድ ጊዜ ከፈረንሳይ የመጡ አንዲት ሴት ሲሰናበቱኝ ጉንጫቸውን ሰጡኝ። ሁለቴ ሳሙኝና ቀና አሉ። እኔ ደግሞ ሦስት ነው የለመድኩት። ሦስተኛው አየር ላይ ቀረ። አፌን አሹዬ ብቻዬን ቀረሁ። ሻንጣ ተሸካሚው ልጅ እስከ ማታ ሲስቅብኝ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ ፊቱን ማየት ትቼ ክርኑን ማየት ጀመርኩ። አንተም እንደዚያ ብታደርግ ይሻልሃል።

አለቃህ እጇን ስትዘረጋ ክርኗ ቀጥ ብሎ ነበር ብዬ እወራረዳለሁ። ቀጥ ያለ ክርን «እዚህ ላይ ይብቃን» ማለት ነው። በመሀላችሁ አንድ ክንድ ሙሉ አስቀመጠች እኮ! ልትስምህ ብትፈልግ ኖሮ ክርኗ ይታጠፍ ነበር። እጅህን እንደያዘች ወደ ራሷ ሳብ ታደርግህ ነበር። እኛ አገር መሳሳም ብዙ ጊዜ ከመጨባበጥ ነው የሚወለደው። መጀመሪያ እጅ ይገናኛል፣ ቀጥሎ ያች ትንሽ መሳብ ትመጣለች፣ ከዚያ ጉንጭ። መሳቡ ካልመጣ ጉንጩም የለም። አንተ ያን መሀለኛውን ዘለህ ነው የሄድከው።

ደግሞ ከፊትህ የነበሩት ሴቶች ናቸው። ሴት ለሴት ቶሎ ትሳሳማለች። ወረፋው አንድ ቢሆንም ሰላምታው አንድ አይደለም። ወንድ ሴት አለቃውን ሲያገኝ መንገዱን የምትከፍተው እሷ ናት፤ በሥልጣን ትበልጠዋለችና። ካልከፈተች መጨባበጡ በቂ ነው። ቅዝቃዜ አይደለም፣ ንቀትም አይደለም። ለወንድ ሠራተኞቿ ሁሉ እጅ ብቻ የምትሰጥ ሴት በየቢሮው ሞልታለች፤ እንዲያውም ሥራዋን የምታውቅ ናት እላለሁ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ ገብተህ ይቅርታ እንዳትጠይቅ። አደራ! እሷ የረሳችውን መልሰህ መነጽሯ ላይ ታስቀምጥባታለህ። ኮሪደር ላይ ስትገናኙ ከወትሮው ግማሽ እርምጃ ራቅ ብለህ ቁም፣ አንገትህን ዝቅ አድርገህ «እንደምን አደሩ» በል። እጇን ከሰጠችህ ጨብጥ። ካልሰጠችህ እልፍ በል። በሁለት በሦስት ቀን ነገሩ ይሞታል።

አንገት ዝቅ ማድረግ ያልኩህን ልብ በልልኝ። የማታውቀው ቦታ ስትገባ ከዚህ ጀምር። ጎንበስ ብለህ ከጀመርክ ሌላው ሰው እጅ ሊጨምርበት ይችላል፣ ጉንጭም ሊጨምርበት ይችላል። ከጉንጭ ጀምረህ ግን ወደ ጎንበስ መመለሻ የለም፤ አይተኸዋል። ጎንበስ ማለት ጊዜም ይሰጥሃል። አንተ ዝቅ ብለህ ቀና እስክትል ድረስ ሰውዬው እጁን ያወጣል፣ ወይም አያወጣም።

ግን ዝቅ ማለትም ዓይነት አለው። አገጭን ወደ ላይ ነቅነቅ ወይም ቅንድብን ከፍ ማድረግ የእኩያ ነው። መንገድ ማዶ ላለ ጓደኛህ፣ ለሠፈር ልጅ፣ ለታክሲ ረዳት ይሆናል። ለእጮኛህ አባት እንዲህ ብታደርግ «ይሄ ደግሞ ምን ያለው ነው?» ያሰኝብሃል። ለትልቅ ሰው አገጭ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ዓይንም አብሮ ይወርዳል። ዛሬ በየሥልጠናው «ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ጨብጡ» ይባላል አሉ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይሁን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ላይ ግን ዓይን ማፍጠጥ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቀዋለህ፤ ቋንቋችን ዓይን አውጣ የሚለውን ስድብ ያለ ነገር አላወጣውም።

ጠበቅ አድርጎ መጨበጡንም እንዲሁ። የእኛ አጨባበጥ ለስለስ ያለና ረዘም ያለ ነው። እጅ ለእጅ እንደተያያዛችሁ «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና?» ይወርዳል። ጥያቄው ሳያልቅ እጅህን መንጠቅ መቸኮልህን ወይም መከፋትህን ይናገራል። እጁን ስታጨማድደው ደግሞ ጉልበት የምትለካካ ትመስላለህ። ትልቅ ሰው ስትጨብጥ ቀኝህን ስጥና በግራ እጅህ የራስህን ቀኝ ክንድ፣ ከክርንህ ዝቅ ብለህ፣ ደግፍ። ከወገብህም ትንሽ እጠፍ። ዕቃ በሁለት እጅ እንደምንሰጠውና እንደምንቀበለው ያለ ነው፤ «ሙሉዬን ነው የሰጠሁዎት» እንደማለት። ደብረ ማርቆስ ያደገ ሰው ይህን አያጣውም፤ አዲስ አበባ ግን አንዳንዴ ሰውን የሚያውቀውን ያስረሳዋል።

ስለ ሙስሊሟ ባልደረባህ። እጅ ደረት ላይ ማድረግ ራሱ ሰላምታ ነው። ሰላምታህን አልመለሰችም አትበል፤ በሌላ እጅ መለሰችልህ። ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚይዙ ብዙ ሙስሊሞች ዘመድ ካልሆነ ተቃራኒ ፆታ ጋር አይነካኩም። ወንዶቹም ሴት እጇን ስትዘረጋላቸው እንዲሁ ያደርጋሉ። የሚጨብጡም አሉ፤ አለባበስ አይተህ ይህቺ ትጨብጣለች፣ ያቺ አትጨብጥም ማለት አትችልም። ስለዚህ እጅህን አትቅደም። ቀድሞ ከወጣ ደግሞ እንደ ለማኝ አየር ላይ አታንጠልጥለው። እዚያው አጥፈህ ደረትህ ላይ አሳርፈውና አንገትህን ዝቅ አድርግ። ማንም አያፍርም። ኮሮና የገባ ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጨባበጥ ሲከለከል፣ ከተማው ሁሉ ይህንኑ ነበር የተበደረው። ክርን ለክርን መጋጨቱ ለወጣቶች ሆነ። አዛውንቱ ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይሉ ነበር፤ ያምርባቸውም ነበር።

አሁን ወደ እሑድ እንምጣ። እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ።

በር ላይ ስትደርስ ቀኝ እጅህ ባዶ ይሁን። ኬክም ይሁን ፍራፍሬ የያዝከውን ለእጮኛህ ስጣት ወይም በግራህ ያዘው። እናቷ በር ሲከፍቱ ዕቃ በሁለት እጅ አቅፈህ ከቆምክ እሳቸውም አንተም መላው ይጠፋችኋል። ኮፍያ ካለህ አውልቅ። ጆሮህ ላይ የምትሰካትን ነገርም አውልቃት።

ለእናትየው ጎንበስ በልና ቁም። ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ እጃቸውን ይሰጡሃል፣ ወይ ሁለቱንም ክንድህን ይዘው ወደ ራሳቸው ያመጡሃል። ካመጡህ አንገትህን ቀድመህ አታዙር። እሳቸው ወዴት እንዳዘነበሉ አይተህ ተከተል። የሚነካካው ጉንጭ ነው፤ ከንፈርህን ጉንጫቸው ላይ አትለጥፍ። ሦስት ጊዜ፣ ጎን እየቀያየርክ። እሳቸው አራተኛ ከጨመሩ አንተም ጨምር። ቁጥሩ የናፍቆት መለኪያ ነው፤ ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ቦሌ ሲቀበሉት ቆጥረህ አትጨርሰውም። ላንተ በመጀመሪያ ቀን ሦስት ከሳሙህ ጥሩ ነው። እጅ ብቻ ከሰጡህም ምንም ማለት አይደለም፤ ገና አላወቁህማ።

ሳሎን ስትገባ መጀመሪያ የንስሐ አባትየው ጋ ሂድ። እሳቸውን አትጨብጥም። ኦርቶዶክስ ከሆንክ፣ ከጽሑፍህ እንደገመትኩት፣ ከፊታቸው ጎንበስ ስትል መስቀሉን ያወጣሉ። ግንባርህንና ከንፈርህን ያስነኩሃል፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉሃል። መስቀሉ ራሱ ሰላምታው ነው። ሌላ እምነት ካለህ አትሳለም፤ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ዝቅ በል። ጨዋ ቄስ መስቀሉን አፍህ ላይ አይገፋም።

ቀጥሎ አያትየው። እዚህ ነው ብዙ የከተማ ልጅ የሚበላሸው። ጉልበት መሳም እየቀረ ነው ይላሉ። ሠርግ ላይ ብቻ ሙሽሮች ወላጆቻቸው ፊት ሲንበረከኩ ታየዋለህ። ግን በአራት ኪሎ ዙሪያ ባሉ በድሮ ቤቶች ውስጥ ያሉ አያቶች ገና አልተውትም። አሠራሩ እንዲህ ነው። አጠገባቸው ስትደርስ ወደ ጉልበታቸው ጎንበስ ትላለህ። የእውነት ጎንበስ፤ ቆመህ እጅህን ወደ ጉልበታቸው ማወናጨፍ አይደለም። እሳቸው «ኧረ ተው፣ ተው ልጄ!» እያሉ ትከሻህን ይዘው ያነሱሃል። ይህ የሥርዓቱ ግማሽ ነው። አንተ የምትሰጠው መጎንበሱን ነው፣ እሳቸው የሚሰጡህ ማንሳቱን። ስለዚህ ሲያነሱህ ተነሳ። «የለም ልሳም» ብለህ አትታገል፤ የአዛውንት ወገብ ትሰብራለህ። ካላነሱህ ደግሞ ጉልበታቸውን በከንፈርህ ነካ አድርግ። «እደግ! ተመንደግ!» ሲሉህ ቀና በል። ከዚያ ወይ ግንባርህን ወይ ጉንጭህን ይስሙሃል። መልስህ አሜን ነው።

እኔ አንድ የእህቴን እጮኛ አስታውሳለሁ። ሱሪው ጠባብ ነበርና መጎንበስ ፈራ። እናታችንን ከላይ እንደ ጓደኛ ትከሻቸውን መታ አድርጎ ሰላም አላቸው። እናታችን ምንም አላሉም። ከሄደ በኋላ ብቻ «ልጁ ወገቡን ያመዋል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ጋብቻው ሆነ፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ አለ። ሰፋ ያለ ሱሪ ልበስ።

አባትየው ተቀምጠው ከሆነ ሊነሱልህ ይሞክራሉ። ሰው ሲገባ ብድግ ማለት ልማዳችን ነው። «ኖር!» ብለው ብድግ ካሉ፣ ፈጥነህ «በእግዜር! ኧረ አይነሱ!» በል። ይህን ካላልክ እንዲነሱልህ የጠበቅክ ትመስላለህ። እጃቸውን ስትይዝ ክንድህን ደግፍ፣ ዝቅ በል፣ ጥያቄያቸውን እስኪጨርሱ እጅህን አትንጠቅ። ወንድ ለወንድ ጉንጭ መሳሳም እኛ ዘንድ ያለ ነገር ነው፤ ግን ከአባትየው ጋር በመጀመሪያ ቀን አንተ አትጀምረውም። ክርናቸውን ተመልከት፤ ከታጠፈ ታውቀዋለህ።

ወንድሞቿ ቀላል ናቸው። ጨብጠውህ ቀኝ ትከሻቸውን በቀኝ ትከሻህ ገጨት ያደርጉሃል። ያ «ከእኛ ነህ» የሚል ነው። ቢሆንም እነሱ ይጀምሩት። አባት እያየ አንተ ቀድመህ ትከሻ ከሰጠህ ፈጠንክ ይባላል። ትንንሽ ልጆች ራሳቸው ጉንጫቸውን ይዘው ይመጡልሃል፤ ሳማቸው።

ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ማንም ሰው እንዳይዘለል። ጥግ ላይ ቡና የምታፈላው ልጅም ትቆጠራለች። ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ፍም እየነካካች ከሆነ እጇን ላትሰጥህ ትችላለች፤ የእጇን አንጓ ዘርጋ ታደርግልሃለች። አንጓዋን ያዝ። ጋራዥ ሄደህ ካወቅክ መካኒኩ እጁ ዘይት ሲሆን የሚያደርገው ነው። «እጄ ቆሽሿል እንጂ ሰላምታዬ አልቆሸሸም» እንደማለት። አክስትና አጎት በዝተው ምግብ ቀርቦ ከደረስክ ግን ዙሪያውን አትጨብጥ። እጃቸው ወጥ ነክቷል። በር ላይ ቆመህ ለሁሉም አንድ ጊዜ ጎንበስ በልና ቦታህን ያዝ። «እንብላ» ሲሉህ «ብሉ» በል። ከገበታ ሲነሱ ለየብቻ ትደርስባቸዋለህ።

እጮኛህንስ? አብራችሁ ነው የምትገቡት፣ ሰላምታ የላችሁም። ስትወጣ ግን በር ላይ ትሸኝሃለች። እናቷ መስኮት ላይ እንደሚሆኑ አስበህ ጨብጣት። ጉንጩ ታክሲ ተራ ደርሳችሁ ይሁን።

ሁለት ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ጥያቄህ ውስጥ ባይኖርም። ዓምዱን የሚያነቡ ሴቶች ስላሉ ነው። ሴት ሠራተኞችን ሁሉ ጠዋት ጠዋት እየሳበ የሚስም ወንድ አለቃ ይኖራል። እሱ «ባህላችን ነው» ይላል። ክርን ለእናንተም ይሠራል፤ ቀጥ አድርጋችሁ እጅ ስጡ፣ አንድ እግር ወደ ኋላ አድርጋችሁ ቁሙ። ሰላምታ ብቻ የፈለገ ሰው እዚያ ላይ ይቆማል። ቀጥ ያለ ክርን አጥፎ የሚስብን ሰው ግን ሰላም ባይ አትበሉት። ለሚሰማችሁ የበላይ በግልጽ ንገሩ።

ሌላው ለቅሶ ነው። መሥሪያ ቤት ስትቀጠር ብዙ ለቅሶ ትደርሳለህና። ድንኳን ስትገባ ዞሮ መጨበጥ የለም። ለሐዘንተኛው ጎንበስ በል፣ «እግዜር ያጽናችሁ» በል፣ ተቀመጥ። ሐዘንተኛው ራሱ ካቀፈህ ታቀፍ፣ እስኪለቅህ ድረስም አትልቀቀው።

እሑድ ማታ ጻፍልኝ። በተለይ አያትየው አነሱህ ወይስ እስከ ጉልበት ለቀቁህ፣ እሱን ማወቅ እፈልጋለሁ።